ውሻው የቀረበት ቀን

ተማሪዎቹ የግቢውን ጥበቃ ውሻ «ዶክተር» ይሉታል። እኔ ማዕረጉን ለማግኘት አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሱ ጭራውን ቆልቶ አገኘው። ውሻ አልወድም። ስለዚህ አንዷ ተማሪዬ «የመመረቂያ ጽሑፌ ውሻ ለሰው ስለሚሰጠው እፎይታ ነው» ስትለኝ ፊቴን አጨማደድኩ።

ልጅቷ ግን ችክ ያለች ናት። ኦክሲቶሲን የሚባለውን፣ እናትና ልጅን የሚያቀራርበውን ሆርሞን ለመለካት አቅም ስላልነበረን የሌሎችን ጥናት አገላበጠች። አንዳንዱ ከውሻ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ከፍ ያደርገዋል ይላል፤ ሌላው ምንም ለውጥ አላየሁም ይላል። ሁለቱንም ሳታዳላ ጻፈች። እሷ የለካችው የጭንቀቱን ሆርሞን፣ ኮርቲሶልን ነው። ከውሻው ጋር ከመጫወታቸው በፊትና በኋላ የሚወሰዱት ሁለት የምራቅ ናሙናዎች ሁለቱም ከሰዓት በኋላ፣ በግማሽ ሰዓት ልዩነት ይወሰድ ብላ አቅዳ ነበር። ለቤተ ሙከራው ባለሙያ እንዲመች ብዬ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን እኩለ ቀን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሃያ ተማሪዎች ከዶክተር ጋር ተጫወቱ፤ የሁሉም ኮርቲሶል ወረደ። ልጅቷ በደስታ መሬት አልበቃት አለ።

ጽሑፉ ሊቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረው ቢሮዬ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«መምህር፣ ዶክተር ለክትባት የሄደበት ቀን ትዝ ይልዎታል? የቀጠርኳቸው አምስት ልጆች ነበሩ። ከመጡ አይቀር ብዬ ጠዋትም እኩለ ቀንም ምራቃቸውን ወስጄ ነበር።»

«እና?»

«ውሻ ሳይኖር የነሱም ያው ወርዷል።»

ክው አልኩ። ኮርቲሶል ጠዋት ከእንቅልፍ ስንነሳ ጣራ ነክቶ ቀኑ በገፋ ቁጥር በራሱ ይወርዳል። ይህን በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች። እውነቱን ልናገር፣ «አምስቱን ተያቸው፣ ማን ያያል?» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀደመችኝ።

«መጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ» አለች። አፈርኩ።

ጽሑፉ በሚቀርብበት ቀን፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ የጀማሪ ስህተት ነው። ሰዓቱን ማን መረጠው?»

«የኔ ሥራ ነው፤ ኃላፊነቱም የኔ ነው» አለች፣ ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳትል።

ተነሳሁ። «እሷ በትክክል አቅዳ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ፈታኙ የመጀመሪያውን ገጽ መልሰው አነበቡት፤ ከዚያ የመጨረሻውን። እዚያ ላይ ከውሻው ጋር የተጫወቱት ቀለል አለን ማለታቸውን፣ ግን ምን እንደምትጠብቅ ስለሚያውቁ ሊያስደስቷት ብለውም ሊሆን እንደሚችል ጽፋለች። «ስህተቱን ያገኘችውም የጻፈችውም ራሷ ናት» አሉ። አለፈች፤ ያውም በከፍተኛ ውጤት። በሠላሳ ዓመት ማስተማሬ እንዲህ ያለ ታማኝ ተማሪ አላየሁም።

ደጅ ስንወጣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ዶክተር መጥቶ እግሬ ሥር ተቀመጠ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ራሱን ደባበስኩት። ቀስ በቀስ እጄ ረጋ።

«አየሽ?» አልኳት።

ሳቋ መጣ። «መምህር፣ አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም። ደግሞ እኮ እውነቱን ተናግረው ነው የወጡት፤ ያለ ውሻውም ይረጉ ነበር።»