በወርቅቱ ሻወር ቤት የገባው የሐውልት ፍርፋሪ

የወርቅቱ ሻወር ቤትና የእኔ ሱቅ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሰበታ፣ ከዳገቱ ሥር። ስለዚህ ማን እያዜመ እንደሚታጠብ፣ ማን ሳሙና ዓይኑ ሲገባ እንደሚሳደብ ሳልወድ በግዴ እሰማለሁ። በዚያው ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው የብረት ቧንቧ ግን ከሰዉ ሁሉ ይልቅ ጉድ እንዳለው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

መጀመሪያ ውሃው የሚመጣው ከሰፈሩ ጥልቅ ጉድጓድ ነበር። ጠጣር ውሃ ነው። ሳሙናው አረፋ ለማውጣት ይለመናል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ የማሞቂያው ብረት ደግሞ ኖራ ቅብ ይመስላል። ወርቅቱ ጠዋት ጠዋት መርፌ ይዛ የሻወሩን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ስትወጋ ነበር የምትውለው።

«ይሄን ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ እያለ ማን ሲሚንቶ እንደሚጨምርበት ባወቅሁ!» ትላለች።

«ቤትሽን ለምን በውሃው አትለስኚበትም?» እላታለሁ እኔ። መርፌውን ታሳየኛለች።

ከዚያ ያ የማስተር ፕላን ተቃውሞ ዓመት መጣ። መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘጋ። አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። በዚያ ዓመት ልቡ ያዘነ ሰው ብዙ ነው፤ የእሱን ወሬ ለሚችል ሰው ልተወውና እኔ ወደ ቧንቧዬ ልመለስ። ናፍጣ ጠፋ። ናፍጣ ሲጠፋ የጉድጓዱ ጄኔሬተር ዝም አለ። ወርቅቱም በሯ ላይ ተቀምጣ የደረቀ ሻወር ቤት ትጠብቅ ጀመር። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷም ልጆቿም የሚኖሩት በዚያ ቤት ገቢ ነው።

ያዳኗት ኦቦ ሞቱማ ናቸው። ዳገቱ ላይ መሬት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት ምንጭ አላቸው፤ ስለ ምንጩ ሲያወሩ ስለ ልጃቸው የሚያወሩ ይመስላል።

«አካም ቡልቴ፣ ወርቅቱ? ውሃ አጥተሽ እኔ ዳገት ላይ ተኝቼ አድራለሁ እንዴ? የውሃ ጎማ ዘርጊና ውሰጂ» አሏት።

ጎማው ተዘረጋ። ውሃው በራሱ ቁልቁል ወርዶ የወርቅቱ ማጠራቀሚያ ሮቶ ውስጥ ገባ። እንዲያው እንባ የመሰለ፣ ጥርት ያለ። ሳሙናው ገና ሲነካው አረፋ ሆኖ ይነሳል። እንዲያውም አረፋው አልለቅ ብሎ ሰው ሁሉ «ታጥቤ ታጥቤ ያዳልጠኛል» እያለ ይወጣል።

ከወርቅቱ ግቢ አንዲት ክፍል የተከራየች ጣቢታ የምትባል የደቡብ ልጅ አለች። ፋብሪካ ውስጥ የእንፋሎት ቦይለር ክፍል ትሠራለች። ሥራዋ ውሃው ቦይለሩ ውስጥ ቅርፊት እንዳይጋግር ጠጣርነቱን መለካት ነው። ከሥራ ያመጣቻትን መድኃኒት በጠብታ እያደረገች የምንጩን ውሃ ለካችና እጇን አጨበጨበች።

«እትዬ ወርቅቱ! ጠጣርነት የሚባል የለውም ማለት ይቻላል! ይሄን ውሃ ፋብሪካችን ቢያገኝ በሰልፍ ይቀበለዋል። ከዛሬ ጀምሮ መርፌሽን ቁልፍ ስፊበት!»

«ቧንቧዬስ?»

«ቧንቧሽማ እኔንም አንቺንም ይቀብራል።»

ቧንቧው ይህን የሰማ ይመስል ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ታመመ።

መጀመሪያ ጠዋት ሲከፈት ትንሽ ቡና የመሰለ ነገር ይተፋና ይጠራል። ሌሊቱን ሙሉ ቧንቧው ውስጥ የተኛ ውሃ ነበር የሚብሰው። ከዚያ ከሰዓትም መቅላት ጀመረ። አንድ የመዝሙር ቡድን ልጅ ነጭ ፎጣ ይዞ ገብቶ በርበሬ የተቋጠረበት የሚመስል ፎጣ ይዞ ወጣ። ጊዜው ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ሰው የቅጠል ኮሽታ ሲሰማ የሚደነግጥበት። ወሬው በአንድ ቀን አለም ገና ደረሰ። ከፊሉ «ውሃው ተመርዟል» አለ፤ ከፊሉ «ኦቦ ሞቱማ ምንጫቸው ውስጥ አንድ ነገር ጨምረዋል» አለ። ልጆች ሻወር ቤቱን «ቢሻን ዲማ» አሉት፤ ቀይ ውሃ። ደንበኛ ጠፋ። እኔ በሕይወቴ ግድግዳዬ እንዲያ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ኦቦ ሞቱማ ማጭድ ይዘው ወረዱ።

«ጎማዬን ልቆርጥ ነው የመጣሁት» አሉ። «የአባቴ ምንጭ መርዝ ተብሎ ስሙ እንዲጠራ አልፈቅድም። እኔ ንጹሕ ሰጠሁሽ፤ አንቺ ምን አድርገሽ ነው የምታቀይው?»

«ኧረ ኦቦ ሞቱማ፣ እርስዎ ከቆረጡብኝ እኮ ቤቱን መዝጋቴ ነው!» አለች ወርቅቱ። «ጉድጓዱ ናፍጣ የለው። የት ልሂድ?»

እኔ ነገሩ እንዳይከር ብዬ ሁለት ብርጭቆ ከሱቄ አመጣሁ። አንዱን ከጎማው ጫፍ ሞላሁ፣ ሌላውን ከሻወሩ። የጎማው ጥርት ያለ። የሻወሩ የደፈረሰ ብርዝ።

«ያውልሽ!» አሉ ሽማግሌው። «እኔን የሚመስለው የትኛው ነው?»

«ከመልክዎ ብንነሳ...» ልል ስል ማጭዱን አየሁና ተውኩት።

ጣቢታ መፍቻ አምጥታ ከግድግዳው ውጭ ያለውን የቧንቧ መታጠፊያ፣ ክርኑን፣ ፈታች። ውስጡን በስልኳ መብራት አየችውና ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። እኛም ተራ በተራ አጎነበስን። ድሮ በጠጣሩ ውሃ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት አይጥ እንደበላው ዳቦ ተቦጫጭቋል። ቅርፊቱ በተነሳበት ቦታ ሁሉ ቀይ ዝገት ይታያል።

ከዚያ ሮጣ ገብታ ትንሽ ወረቀት አመጣች፤ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀለም የሚቀይር። የጉድጓዱን ውሃ፣ ከማንቆርቆሪያ የተረፈውን፣ ስትነክርበት ወደ አረንጓዴ አዘነበለ። የምንጩን ስትነክር ቢጫ ሆነ።

«አጠፋሁ» አለች ፊቷን በእጇ ሸፍና። «እኔ የለካሁት ጠጣርነቱን ብቻ ነው። ይሄ ፒኤቹ ዝቅ ያለ ነው፤ ኮምጣጣ ነው።»

«ኮምጣጣ!» ኦቦ ሞቱማ ተነሱ። «አረቄ አደረግሽብኝ እንዴ?»

«አይደለም አባቴ፣ ለመጠጥ ምንም አይልም፤ ምላስዎም አያውቀውም። ብረት ግን ያውቀዋል። ፋብሪካ እኔ ጠጣርነቱን እለካለሁ፤ ቀጥሎ ሌላ ክፍል ደግሞ ኮምጣጣነቱን በመድኃኒት ያነሳዋል። እኔ የራሴን ክፍል ብቻ አስቤ...» ወደ ወርቅቱ ዞረች። «እትዬ፣ ያ የምትጠዪው ነጭ ነገር ሲበዛ ቧንቧ ያንቃል። ስስ ሆኖ ሲለጠፍ ግን ለብረቱ ልብስ ነው። ይሄ ውሃ ልስልስና ኮምጣጣ ስለሆነ የሚሟሟ ነገር ይርበዋል። መጀመሪያ ልብሱን በላ፤ አሁን ብረቱ ላይ ደርሷል። ሲቆይ ይበሳዋል።»

«ሲበሳውስ?»

«ግድግዳ አፍርሶ አዲስ መቅበር ነው።»

መንገዱ ዝግ፣ መርካቶ ሩቅ፣ ቧንቧ የለ። ወርቅቱ የተፈታውን የቧንቧ ክርን እቅፍ አድርጋ ተቀመጠች።

«ታዲያ ውሃው ከራበው ሌላ ነገር አብሉልኛ!» አለች። በንዴት ነው ያለችው፤ ጣቢታ ግን ቀና አለች።

«እውነትሽን ነው። ድንጋይ ይብላ። የኖራ ዘር የሆነ ድንጋይ። እሱን ሲያሟሟ ኮምጣጣነቱ ይበርዳል፣ ትንሽም ይጠጥራል፤ ቧንቧሽን ይተወዋል። ግን እዚህ የት ይገኛል?»

ሁላችንም ወደ ኳኳታው ዞርን። ከመንገዱ ማዶ ጋሽ ገብረየስ መዶሻቸውን ያንኳኳሉ። የመቃብር ሐውልት ጠራቢ ናቸው። ደጃቸው ላይ የእብነ በረድ ፍርፋሪ እንደ ጤፍ ክምር ተከምሯል።

«የሙታን ድንጋይ?» አሉ ኦቦ ሞቱማ። «በአባቴ ምንጭ ላይ? በፍጹም!»

ጋሽ ገብረየስ ተጠርተው መጡ፤ ተቆጡም። «የምን የሙታን? ሙታን የሚወስዱት ዋናውን ነው፤ ይሄ ትርፉ ነው። ማንም አልተኛበትም።»

ጣቢታ ከፍርፋሪው አንስታ አቼቶ ጠብ አደረገችበት፤ አረፋ አወጣ። ሌላ ጠቆር ያለ አነሳች፤ ምንም። «ነጩን ብቻ። ግራናይቱ አይረባንም» አለች። በርሜል ሞላን። ውሃው መጀመሪያ ከላይ ገብቶ ከታች ሲወጣ ሮጦ አለፈ፤ ወረቀቱም ያው ቢጫ። «ቸኩሏል፣ ድንጋዩን አልቀመሰም» አለችና ጎማውን ከበርሜሉ ሥር አስገባችው፤ በፍርፋሪው መሃል ቀስ ብሎ ወደ ላይ እየወጣ ወደ ሮቶው እንዲፈስ። ሲሞላ ዘገየ፤ ወረቀቱ ግን አረንጓዴ ሆነ።

ሽማግሌው ማጭዳቸውን አልጣሉም። «እስከ ቅዳሜ» አሉ። «ቅዳሜ ራሴ እታጠባለሁ። ከቀላ እቆርጣለሁ።»

ያን ሳምንት ወርቅቱ እንቅልፍ አልነበራትም። ጠዋት ጠዋት ቧንቧውን ከፍታ የተኛውን ውሃ ታፈሳለች፤ በነጭ ሳህን ተቀብላ ታየዋለች። ማክሰኞ ሻይ ነበር። ሐሙስ ቀጭን ሻይ። ዓርብ ጠዋት በግድግዳዬ በኩል አንድ ክርን ማንባት ጀመረ። ጣቢታ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጠፍራ አሰረችውና «የተበላው አይመለስም፤ የቀረውን ነው የምናተርፈው» አለች። መንደሩ ደግሞ በበኩሉ ሥራ አልፈታም። ከበርሜሉ ውስጥ «አረፈ» የሚል ቃል የተቀረጸበት ቁራጭ የተገኘ ዕለት፣ «ወርቅቱ ዘንድ አስቀድመው አጥበው ነው ወደ መቃብር የሚልኩህ» ተባለ።

ቅዳሜ ኦቦ ሞቱማ መጡ። መኪና ስለሌለ ከሩቅ ለቅሶ በእግራቸው ተመልሰው አቧራ መስለዋል። ነጭ ጋቢያቸውን እንደ ምስክር ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ወሬ የጠማው ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተሰበሰበ፤ እኔ ግን ከሱቄ አልወጣሁም፣ ግድግዳዬ ይበቃኛል።

ውሃው ተከፈተ። ወርቅቱ ሱቄ ገብታ እጄን ጨብጣ ቆመች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

«ምን ይላሉ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት ቀላ ማለት ነው?»

«ቆይ፣ እያሹ ነው።»

ከዚያ በኦሮምኛ ዜማ ተጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ኋላ እየጋመ፤ የእርሻ ዜማ ነው፣ በሬ የሚነዳ። ወርቅቱ እጄን ለቀቀችና ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ሽማግሌው ግን ዜማውን ሦስት ጊዜ ካልመለሱ የሚወጡ አልነበሩም፤ ውጭ «አባ፣ ለእኛም ይተርፍ!» የሚል ጩኸት ተነሳ።

ወጡ። ጋቢውን በውሃው አርሰው ነጩን ለሁሉም አሳዩ።

«ሳሙናውም ዛሬ በልኩ ለቀቀ» አሉ። «ምንጬ ምንጬ ነው፤ ትንሽ አጥንት ጨመረ እንጂ።» ማጭዱን በብብታቸው ሸጎጡት። ከዚያ ሰውን እየገፉ ወደ ጋሽ ገብረየስ ሄዱ። «አንተ፣ ይሄ ፍርፋሪ እየተበላ ያልቃል ብላለች ልጅቷ። መጨመር አለበት።»

«ያልቃል፣ ኦቦ።»

«እንግዲያው የእኔን ሐውልት ስትጠርብ ከነጩ ይሁን፤ ሰፋ አድርገህ ቁረጥና ትርፉን ለወርቅቱ ስጣት።»

ጋሽ ገብረየስ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ዛሬ ልጀምር ታዲያ?» አሉ።

«መንገዱ ይከፈት መጀመሪያ!» ተቆጡ ሽማግሌው። «ለቅሶዬ የሚመጣ ሰው በእግሩ ሊንገላታ ነው?»

ወርቅቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ሻወሩ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ተራ የማን ነው?» አለች። «ጠዋት ያፈሰስኩት ውሃ መጥራቱን ያየ ሁሉ ይምጣ፤ ግን ዜማ አጭር!»