ስምንት ትርፍ ጆንያ

ይህ ታሪክ ጥርት ያለ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከተጨመረበት፣ ተራኪው ኩንታል ዩሪያ ተሸክሞ ጮቄን ይውጣ!

ይስማው የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ጠባቂ ነበር። እንደ እሱ ያለ መጋዘን ጠባቂ ከዓባይ ወዲያም ወዲህም አልተወለደም። ማዳበሪያ ሲገባ በዚያው ቀን ካርዱ ላይ ገቢ ይጽፋል፤ ገበሬ ፈርሞ ሲወስድ በዚያው ቀን ወጪ፤ ቀሪውን ከጎኑ። ለበቆሎ ምርጥ ዘርም የራሱ ካርድ አለው። የመጋዘኑን ቁልፍ አንገቱ ላይ አስሮ ነው የሚተኛው።

ሰኔ ላይ ማንጠግቦሽ የምትባል ኦዲተር ከወረዳ መጣች። ዓይኗ ጭነት መኪና ያስቆማል። ዘሩ ልክ ሆነ። ዩሪያው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አቶ ይስማው፣ ገቢ ሦስት መቶ ዘጠና ሁለት ጆንያ፣ ወጪ ሁለት መቶ። ካርድዎ ቀሪ መቶ ዘጠና ሁለት ይላል። ክምሩ ግን አምስት በአራት፣ ዐሥር ድርብ፤ ሁለት መቶ ነው።»

«ተረፈ እንጂ አልጎደለ! ምን ይከፋል ልጄ?» አሉ ሊቀመንበሩ አያ ጓዴ።

«ትርፍማ ይብሳል፣ አያ። ፈርሞ ያልተሰጠው ገበሬ አለ ያሰኛል። ምክንያቱ ካልተገኘ አቶ ይስማው ቁልፉን ያስረክባሉ።»

ይስማው ቁልፉን ጨበጠ። ሰማይ መጋዘኑ ላይ ወደቀ። ቆጠሩ። «እንደገና» አለች። በነጋታው ቆጠሩ፤ «እንደገና» አለች። እሱ እህል አልቀመሰም፤ አገሩ ሁሉ እርሻውን ትቶ በር ላይ ተኮለኮለ።

በሦስተኛው ቀን ከክምሩ ውስጥ «ሚያው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ይስማው ግንባሩን መታ። ዩሪያው የገባ ዕለት ጭነቱ ሲራገፍ ስድስተኛው ድርብ ላይ መሸ፤ በማግሥቱ አንዲት ድመት እዚያው ወልዳ ተገኘች። ለጫኝና አውራጆቹ «አራስ ናት፣ አትንኳት! ዙሪያዋን ደርድሩ» ያላቸው ራሱ ነበር። የሁለት ሁለት ጆንያ ባዶ ቦታ፣ በአራት ድርብ። ስምንት!

ተራራ የሚያህለውን ክምር በአንድ ዝላይ ወጣው። መሀሉ ላይ ነብር የምታክል ድመት ከዘጠኝ ግልገሎቿ ጋር ተኝታለች። እልልታው ወረዳ ድረስ ተሰማ፤ ቁልፉም አንገቱ ላይ ቀረ።

ይህ ሲወራ ማንጠግቦሽ የይስማው ቤት ምድጃ ጥግ ድንች ትልጣለች። ከዚያች ሰኔ ወዲህ ሁለት ልጅ ወልዳለታለች።

«ድመቷ ትንሽ ነበረች» አለች ቀስ ብላ፣ ቀና ሳትል። «ግልገሎቿም ሦስት። በር ላይ የቆመ ሰውም አልነበረም። ደግሞ እኔ መጀመሪያውኑ ክምሩ ላይ ወጥቼ ክፍተቱን አይቼዋለሁ። ቀንሼ ቆጠርኩት፤ ካርዱ ልክ ነበር።»

ይስማው አፉን ከፈተ። «ምን አልሽ አንቺ? ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ምን ታስቆጥሪኝ ነበር?»

«ልክ ነው ካልኩማ፣» አለች ልጣጩን እየሰበሰበች፣ «በዚያው ቀን ወደ ወረዳ መመለሴ አይደል?»