ማፍላት ብቻውን በቂ አይደለም

የሬዲዮ ጣቢያውን የጤና ፕሮግራም የምታዘጋጀውን ጋዜጠኛ አድማጮቿ እህታለም ይሏታል። ከባዱን ነገር እንደ እህት አቅልላ ስለምትነግራቸው ያወጡላት ስም ነው። የውሃ ጽሕፈት ቤቱን ኬሚስት ደግሞ ወዳጆቹ ሚሊግራም ይሉታል፤ ያለ ቁጥር አፉን አይከፍትምና።

አንድ ጠዋት ሚሊግራም እያለከለከ ስቱዲዮ መጣ። የታችኛው ሰፈር ጉድጓድ ውሃ ተመርምሮ ናይትሬት የሚባል ነገር ከልክ በላይ ተገኝቶበታል። ከመጸዳጃ ቤቶችና ከእርሻ ማዳበሪያ እየሰረገ የገባ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ለሰፈሩ ንጹሕ ውሃ በቦቴ መኪና ማመላለስ ጀምሯል።

«አዋቂውን ቶሎ አይጎዳውም» አለ። «ጨቅላ ግን ወተቱ በዚህ ውሃ ከተበጠበጠለት ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ሲብስ ይሞታል።»

«ታዲያ አፍልታችሁ ስጡ ልበላቸው?»

«በፍጹም! ጀርም አይደለም እኮ፤ በእሳት አይሞትም። ውሃው እየተነነ ሲቀንስ እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን...»

«ሚሊግራም፣ በናትህ! ያለኝ አንድ ደቂቃ ነው። ሰዎቹ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ልጅ እያባበሉ ነው የሚሰሙኝ። ያመለጣቸውን መልሰው አያነቡት።»

እውነቷን ነበር። ስለዚህ ቆረጠች። የናይትሬትን ስም አወጣች፣ ቁጥሩን አወጣች፣ የትነቱንም ነገር «ሰው ያደናግራል» ብላ አወጣች። ማይክሮፎኑ ፊት ስትቀመጥ የቀረላት ይህ ነበር፦ «የታችኛው ሰፈር ጉድጓድ ውሃ ለሕፃናት ጤና አስጊ ሆኖ ተገኝቷል። ማፍላት ብቻውን በቂ አይደለም። ለሕፃናት ወተት በቦቴ የሚመጣውን ውሃ እንድትጠቀሙ ይመከራል።»

ከዚያ ዘፈን ገባ። ሚሊግራም ቅር እያለው ወጣ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ወጣት አባት ጣቢያው ድረስ መጣ። የሥራ ልብሱ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። አልጮኸም፤ ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

«እህታለም አንቺ ነሽ?»

«አዎ ወንድሜ። ምን ልርዳህ?»

«ልጃችንን ቀበርን። ሴት ነበረች፤ አንገቷን እንኳ ገና አላጸናችም። ሐኪሙ ውሃው ነው ሲለን፣ ‹አፍልተን ነው እኮ የሰጠናት፣ ሬዲዮው አፍሉ ብሏል› አልነው።»

«እኔ አፍሉ አላልኩም...»

«በቂ አይደለም አልሽ። በቂ ካልሆነ እንጨምር ተባባልን። ድሮ ገንፈል ሲል ነበር የምናወርደው። ከዚያ ወዲህ ግማሽ እስኪቀር ማንተክተክ ያዝን። ለልጅ ነው ብለን ከሰል ሳንሰስት።»

«የቦቴውን ውሃ ተጠቀሙም ብዬ ነበር» አለች። ቃሉ ገና ከአፏ ሲወጣ አፈረችበት።

«ይሆናል። ማፍላት ስትዪ ባለቤቴ ድስት ልትጥድ ተነሥታ ነበር።»

እህታለም ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ሚሊግራምን አስጠራችው። መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አንድም ቁጥር አልጠራም።

ወዲያው አዲስ ማስታወቂያ መጻፍ ጀመሩ። «ውሃውን አታፍሉት» ብላ ስታነብ አባትየው አቋረጣት።

«ማፍላት የምትለዋን ቃል አታንሻት። እሷን የሰማ ሌላውን አይሰማም።»

«ዝም ካልን ደግሞ እንደለመዱት ያፈሉታል» አለ ሚሊግራም።

ተከራከሩ፣ ሰረዙ፣ ደግመው ጻፉ። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «የታችኛው ሰፈር ጉድጓድ ውሃ ጨቅላ ይገድላል። እሳት መርዙን ያበዛዋል። የሕፃን ወተት በቦቴ ውሃ ብቻ ይበጥበጥ። ከንፈሩ የጠቆረ ሕፃን ካለ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት።»

የጣቢያው ኃላፊ አይቶ ፊቱን አጨማደደ። «‹ይገድላል› የሚለው ሕዝብ አያሸብርም?»

«ገድሏል እኮ» አለችው።

ማስታወቂያው በየዘፈኑ መሃል ሲነገር ዋለ። አመሻሹ ላይ አንዲት እናት ከንፈሩ የጠቆረ ልጇን አቅፋ ሐኪም ቤት ደረሰች። መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት፤ ከንፈሩ ቀስ በቀስ ቀላ፤ ተረፈ። ጉድጓዱም ታሸገ።

እህታለም ሟቿን ሕፃን የወለደችውን እናት ልታጽናና ቤቷ ሄደች። ሴትየዋ ጡቷን በሻሽ ጠፍራ አስራ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ወተቷ አነስ ብሎባት ነበር ለልጅቷ ጡጦ የጀመረችላት። ስለተረፈው ልጅ ሰምታለች።

«እሰይ፣ ለእናቱ ይደግላት» አለች። ቆይታ ቀና አለችና፣ «እንዲህ አድርጋችሁ መናገር ከቻላችሁ፣ ያን ጊዜ ምን ያዛችሁ?»

እህታለም አጠገቧ ተቀመጠች። ሴትየዋ አልገፋቻትም፤ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።