«ሌላ» የሚለው ማኅደር

ሌንሳ ለአባቷ የሠራችው ሳጥን ከክብሪት ቀፎ እምብዛም አይበልጥም። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ወንጂ ላይ ኔትወርክ በሄደ ቁጥር ሰው መጥራት ሊያቆም ነው እንዴ? ሁሉን ነገር እዚያው ውስጡ ባለችው ትንሽ ቺፕ ይጨርሳል። ማይክሮፎኑ የሰማውን የአንድ ሰከንድ ድምፅ ወደ ስዕል ይለውጣል፤ ስዕሉ ከሚያውቃቸው ቃላት ለየትኛው እንደሚቀርብ በመቶኛ ይገምታል፤ ግምቱ ከሰማንያ ካለፈ የታዘዘውን ያደርጋል። የሚያውቀው ሦስት ቃል ነው፤ «መብራት»፣ ለማራገቢያው «ንፋስ» እና «ሃፍሳ»። የቀረው ሁሉ፣ ሳሉም፣ ሬዲዮውም፣ ሸንኮራ የሚጎትተው ትራክተርም፣ «ሌላ» በሚል ማኅደር ተጠቃሎ ተሰጥቶታል፤ እሱን ሲሰማ ዝም እንዲል ተምሯል።

አባቷ ጋሽ ጀቤሳ ሠላሳ አንድ ዓመት በስኳር ፋብሪካ ቦይለር ላይ የሠሩ ናቸው። በማሽን ጩኸት መሃል ሲነጋገሩ ስለኖሩ ሹክ ማለት አያውቁበትም፤ ምስጢራቸው እንኳ ሰፈር ያዳርስ ነበር። አምና የነርቭ በሽታ መጣና መጀመሪያ እጃቸውን፣ ቀጥሎ እግራቸውን፣ በመጨረሻ ምላሳቸውን ያዘ። ሌንሳ አዳማ ውስጥ የሶላር መቆጣጠሪያ ትገጣጥማለች፤ ሥራውን ብትተው ሁለቱም ጦማቸውን ያድራሉ። ስለዚህ ቀኑን ብቻቸውን ይውላሉ። «ሃፍሳ» ሲሉ ከግድግዳው ማዶ ጎረቤታቸው እትዬ ሃፍሳ ቤት ደወል ይጮኻል፤ እሳቸውም መጥተው ውሃ ያጠጧቸዋል፣ ያገላብጧቸዋል።

ለሁለት ወር እንዲህ ሠራ። ከዚያ ደወሉ ጭጭ አለ።

«ዛሬም አልጠሩኝም፤ አልሐምዱሊላህ ሰላም ውለዋል» ይሏታል እትዬ ሃፍሳ ማታ ስትገባ። ሌንሳም እሰየው ትላለች። ሳጥኑ ሳይመጣ እኮ እትዬ ሃፍሳ በየሰዓቱ በሩን ገፋ አድርገው ያዩ ነበር። ደወል ካለ ምን አደከማቸው!

አንድ የሚያቃጥል ሐሙስ ሌንሳ ቀደም ብላ ገባች። አባቷ ከትራሱ ተንሸራተው አንገታቸው ተቆልምሟል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ አንሶላው ርሷል። አጥባ፣ ለውጣ፣ ውሃ በማንኪያ ሰጥታ ሳጥኑን ከላፕቶፗ ጋር አገናኘችው። የሰማውን ሁሉ መዝግቦ ነበር። ደወሉ ጭጭ ካለ ወዲህ አባቷ ያሰሙት ስልሳ አንድ ድምፅ ነው። ስልሳ አንዱንም «ሌላ» ብሎታል፤ ዘጠና ሰባት በመቶ፣ ዘጠና ስምንት በመቶ እርግጠኛ ሆኖ።

ያስደነገጣት እርግጠኝነቱ ነው። የማያውቀው ድምፅ ቢሆን አርባ፣ ሃምሳ እያለ ያመነታ ነበር። እንዲህ የሚተማመነው የተማረውን ብቻ ነው።

ማኅደሩን ከፈተች። ሳጥኑን ለማስተማር ድምፃቸውን ስትቀዳ አባቷ እያንዳንዱን ቃል መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ይደግሙ ነበር፤ ሲደክማቸው ምላሳቸው ይጎተታል። የተጎተቱትን «የተበላሹ» አለቻቸው። ከምጥላቸው ብላ፣ ሳጥኑንም እንዳያምታቱት ብላ «ሌላ» ውስጥ ከተተቻቸው። ጎበዝ! በፈተናውም ዘጠና ስድስት በመቶ አመጣላትና ጓደኞቿን ጋበዘች። አሁን አንዱን አጫወተችው። «አዋ» ይላሉ አባቷ፤ ሃፍሳ ማለታቸው ነው። ዛሬ የቀራቸው ድምፅ ይኸው ብቻ ነው። የበሽታውን ድምፅ ለይታ፣ ይህን አትስማ ብላ ያስተማረችው ራሷ ናት።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለች አልጋው ሥር ተንበርክካ። «ሳጥኑ አልተበላሸም። እርስዎን እንዳይሰማ ያደረግኩት እኔ ነኝ።» አለቀሰች። እሳቸው ዓይናቸውን ከእሷ ወደ ሳጥኑ አዞሩ።

ቅዳሜ የተጎተቱትን ድምፆች ወደ «ሃፍሳ» ማኅደር አዛውራ ድምፁን የሚገምተውን ሞዴል በላፕቶፑ እንደገና አሠለጠነችው፣ አሳንሳ ቺፑ ላይ ጫነችው። ለፈተና ያስቀረችውን አንድ ቅጂ ከስልኳ አጫወተች። «አዋ።» ደወሉ አምባረቀ። እትዬ ሃፍሳ ነጠላቸውን እየጎተቱ በረው ገቡ።

«አቤት ጋሼ! ምን ላምጣ?»

ጋሽ ጀቤሳ አልጠሯቸውም። ዓይናቸው ስልኩ ላይ ነበር፤ ድምፃቸው ሲቀዳ የነበሩት ሰውዬ ናቸው የጠሩት።

«አሁን እርስዎ ይሞክሩት አባዬ» አለች ሌንሳ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደክሟቸው ነው አለች፤ እንደዚያ ብላ ማመን ፈለገች።

ሰኞ ቦርሳዋን አንጠልጥላ «ደህና ይዋሉ» ብላ ወጣች። ሥራ ግን አልሄደችም፤ እትዬ ሃፍሳ ቤት ገብታ ደወሉ ሥር ተቀመጠች። አንዴ እንኳ ሲጠሩ ልትሰማ ነው። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። የቆርቆሮው ጣሪያ መጋል ጀመረ። እትዬ ሃፍሳ «ግቢና እያቸው እንጂ» ይሏታል፤ እሷ «ትንሽ እንጠብቅ፣ ይጠራሉ» ትላለች። አምስት ተኩል ላይ አቃታትና ሮጣ ገባች።

አባቷ ነቅተዋል። ላቡ ዓይናቸው ውስጥ ገብቷል፤ አንሶላው ርሷል፤ ከንፈራቸው ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ሳጥኑ አጠገባቸው መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ያዳምጣል።

«አባዬ፣ ምነው ሳይጠሩ? አሁን እኮ ይሰማል!»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሌንሳ መዝገቡን ከፈተች። ከወጣች ጀምሮ የተሰማ የአባቷ ድምፅ የለም፤ «ሃፍሳ» ዜሮ፣ «ሌላ»ም ዜሮ። ስልሳ አንድ ጊዜ ጠርተው ማንም አልመጣላቸውም፤ ስልሳ ሁለተኛውን አልሞከሩትም። አንሶላውን መለወጥ ጀመረች።