አርባ ሦስት ነጥብ ስድስት

በኢንሹራንስ ድለላ የሚኖር ሰው ስድብ ይለምዳል። "ደላላ" የሚለው ቃል ራሱ ግማሽ ስድብ ነው፤ ቀሪውን ግማሽ ደንበኛው ይሞላዋል። እሷም ለምዳዋለች። ያልለመደችው፣ ደንበኛ ዋጋ ሳይጠይቅ "ጨምሪልኝ" ሲላት ነው፤ ያውም ደንበኛው የገዛ ታላቅ ወንድሟ ሲሆን።

ወንድሟ የአፈርና የመሠረት ጥናት የሚሠራ አነስተኛ አማካሪ ድርጅት አለው። ሠራተኞቹ በሌለበት "ኮንክሪት" ይሉታል፤ አንዴ ከደረቀ አይነቃነቅምና። ድርጅቱን የሚመሩት ሦስት ናቸው። አንዱ ራሱ ኮንክሪት ነው። ሁለተኛዋ ሒሳቡን የያዘችው ሚስቱ ናት፤ ከእጇ ሳንቲም ለማስለቀቅ ድንጋይ መፍለጥ ይቀላል። ሦስተኛው ወጣት ሸሪካቸው ነው፤ ጎበዝ መሐንዲስ፣ ግን ከአፉ ቃል በልመና የሚወጣ ዝምተኛ።

አምና በዚሁ ጊዜ፣ በዚሁ የስብሰባ ክፍል፣ የሙያ ኃላፊነት መድናቸው ሲታደስ አርባ ሚሊዮን ብር የካሳ ጣሪያ ይዛላቸው መጥታ ነበር። መድን ሰጪው በአንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ በላይ አይከፍልም ማለት ነው። ኮንክሪት ሳቀ። "ለመድኃኒት መጋዘኑ ሥራ የተከፈለን ስድስት መቶ ሺህ ነው። በስድስት መቶ ሺህ ሥራ አርባ ሚሊዮን? ሚጢጢ፣ ሒሳብ ያስተማርኩሽ እኔ አልነበርኩም እንዴ?" ሚጢጢ የልጅነት ስሟ ነው። ሚስቱም ተቀበለችው፦ "ጣሪያው በጨመረ ቁጥር የማን ኮሚሽን እንደሚጨምር እናውቃለን።"

እሷም አስረዳች። የሚለካው የተከፈላችሁ ክፍያ አይደለም፤ ስሕተታችሁ የሚያመጣው ጉዳት ነው። የመድኃኒት ማቀዝቀዣ መጋዘን መሠረቱ ቢሰምጥ፣ ባለቤቱ የሚጠይቀው ማፍረሻውን፣ መልሶ መሥሪያውን፣ የተበላሸውን መድኃኒትና ሥራ የፈታበትን ኪራይ ነው። የጠበቃው ወጪም ከዚያው ጣሪያ ላይ ይቀነሳል። በዓመቱ ሁለት ጥያቄ ቢመጣ አንዱን ጣሪያ ይካፈሉታል። ይህን ሁሉ አንዴ ተናገረች፤ ኮንክሪት ሳቀ፤ እሷም አብራው ሳቀች። አሥራ አምስት ሚሊዮን ላይ ፈረሙ። ለባዕድ ደንበኛ ቢሆን ሦስቴ ተመላልሳ፣ አንገቱን አንቃ ታስረዳው ነበር። የትምህርት ቤት ክፍያዋን ከኪሱ ቆጥሮ ያሳደጋትን ሰው ግን እንዴት ታንቀው?

ዘንድሮ ስትመጣ ለክርክር ተዘጋጅታ ነበር። የእያንዳንዱን ሥራ የጉዳት ግምት በሠንጠረዥ ደርድራ፣ ምሳሌ አዘጋጅታ፣ ጥርሷን ነክሳ ገባች። ፋይሏን ሳትከፍት ኮንክሪት ቀደማት።

"ጣሪያውን እናሳድግ።"

"ደግ። እኔም ያሰብኩት አርባ..."

"አርባ አይደለም። አርባ ሦስት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ።"

ሚስቱን አየቻት። ሌላ ጊዜ የመድኑ ክፍያ፣ አረቦኑ ስንት ነው የምትለው ሴት ዛሬ ወረቀት ታስተካክላለች። ወጣቱ ሸሪክ ጠረጴዛው ላይ የነበረች የአፈር ናሙና ጠርሙስ ያሽከረክራል፤ ቀና አላለም።

"ስንት እንደሚያስወጣችሁ አትጠይቁም?" አለች።

"ምን አገባሽ! የሚከፍለው ማነው?" አለች ሚስትየው። "አምና ጨምሩ አልሽ፤ ዘንድሮ ጨመርን፣ አሁን ደግሞ ምን ትጠይቂያለሽ? ኮሚሽንሽን ውሰጂና ጨርሽልን።"

ሌላ ደላላ ቢሆን ብዕሩን ያወጣ ነበር። እሷ ግን ብዕሯን አልነካችም። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይባላል፤ ይህ ደግሞ ገና ሲያዩት አላማረም።

"ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?"

"ከጭንቅላቴ።"

"የካሳ ጣሪያ በድፍኑ ነው የሚሸጠው። አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ አርባ፣ ሃምሳ። አርባ ሦስት ነጥብ ስድስት የሚል ሰው እስከዛሬ አላጋጠመኝም። መድን ሰጪው ከየት አመጣችሁት ይለኛል። እኔም አርባን እንዴት እንዳገኘሁት ላሳያችሁ ነበር፤ አንተም ያንተን አሳየኝ።"

"አስረጂ ተብለሽ ነው የመጣሽው ወይስ መርማሪ?" ድምፁ ከፍ አለ። "እኔ የምሰጥሽን ቁጥር ወስደሽ መሸጥ ነው ሥራሽ። ደላላ ነሽ!"

"ደላላ ነኝ። ስለዚህ ነው የምጠይቅህ።"

ሠንጠረዧን ከፈተች። ትልቁ ሥራቸው ያው የመድኃኒት መጋዘኑ ነው። እሷ የገመተችው ሃያ ስምንት ለግንባታው፣ ስምንት ለመድኃኒቱ፣ ቀሪው ለጠበቃና ለሌላ ጥያቄ መጠባበቂያ ነበር። ሁሉም ግምት ነው፤ ጫፉ የተድቦለቦለ። የወንድሟ ቁጥር ግን ጫፍ አለው። ግምት የሚያደርግ ሰው ነጥብ ስድስት አይልም፤ ነጥብ ስድስት የሚለው የለካ ሰው ነው። መሐንዲስ ደግሞ መዋሸት ሲፈልግ እንኳ ማድቦልቦል አይሆንለትም።

"መጋዘኑ ምን ሆነ?" አለች።

የጠርሙሱ ሽክርክሪት ቆመ።

"ምንም አልሆነም" አለ ኮንክሪት።

"ወለሉ ወርዷል" አለ ወጣቱ ሸሪክ። የዓመቱን ንግግር በአንዴ ያወጣ ይመስል ፊቱ ደም ለበሰ። "በምሥራቅ በኩል ሦስት ጣት ያህል። ግድግዳው ከማዕዘኑ ተሰንጥቋል። ሥራ አስኪያጃቸው ደውሎልኝ ሄጄ አየሁት። ሠላሳ አንድ ማፍረሻና መልሶ መሥሪያ፣ ዘጠኝ መድኃኒቱ፣ ሦስት ነጥብ ስድስት የስድስት ወር ኪራይ። ኢንጂነሩ ናቸው ያሰሉት" አለ ወደ ኮንክሪት እያመለከተ።

"አፍህን ዝጋ!" ኮንክሪት ጠረጴዛውን መታው። "ማን ከሰሰን? ደብዳቤ መጣ? ጠበቃ መጣ? አንድ ሰው ደወለ፣ አለቀ!"

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ የራሷን ዘንዶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ አየችው። ደነገጠች፤ ከድንጋጤው በላይ ግን ተናደደች። ወንድሟ እሷን እንደ ሞኝ ሊጠቀምባት፣ በእሷ ፊርማ የተሰነጠቀ ግድግዳ ሊሸጥ ነበር።

"ስማኝ ጋሼ። በማደሻ ቅጹ ላይ 'ወደ ካሳ ጥያቄ ሊያመራ የሚችል የምታውቁት ነገር አለ ወይ?' የሚል ጥያቄ አለ። ክስ አለ ወይ አይልም፤ የምታውቁት ይላል። የለም ብለህ ፈርመህ ነገ ጥያቄው ሲመጣ፣ መድን ሰጪው መጀመሪያ የሚያጣራው መቼ እንዳወቅህ ነው። የስልኩ ጥሪ አለ፣ የሄዳችሁበት ቀን አለ። አርባ ሦስቱ ቀርቶ ውሉን ራሱን ያፈርሰዋል። የሌላው ሥራችሁ ዋስትና ሁሉ አብሮ ይሄዳል።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው" አለች ሚስትየው። ለማን እንዳለችው አልታወቀም፤ ለባሏም ይሆናል።

"ሌላ ደላላ አለ" አለ ኮንክሪት። "ከተማው ሙሉ ደላላ ነው። በወንድሙ የማይጨክን።"

"ሂድ። ቅጹን ግን ሸሪኮቹ ሁለታችሁም ነው የምትፈርሙት።"

ሁሉም ወደ ወጣቱ ዞሩ። የመሠረቱ ንድፍ ላይ ያለው ማኅተም የእሱ ነው። ቤቱ አራስ ሚስት አለች፤ ሰው ሁሉ ያውቃል።

"አልፈርምም" አለ።

"አንተን ሸሪክ ያደረግኩህ እኔ ነኝ!"

"አውቃለሁ ኢንጂነር። አልፈርምም።"

ኮንክሪት የሚሰብረውን ነገር ፈልጎ አጣ። ወደ እህቱ ዞረ። "እሺ፣ አንቺ ምን ትመክሪናለሽ? አንጀትሽ ቅቤ ጠጣ? ካሰብሽው በላይ ገደል ገባንልሽ?"

አንጀቷ ቅቤ አልጠጣም፤ ተቃጥሏል። ግን ድምጿን አላነሳችም።

"ይሄ ዓይነት መድን ሥራው የተሠራበትን ዓመት አያይም፤ ጥያቄው የመጣበትን ወይም እናንተ ያሳወቃችሁበትን ዓመት ነው የሚያየው። አሁን ያላችሁ ውል ዓርብ ያልቃል። ከዓርብ በፊት 'እንዲህ ያለ ነገር ተከስቷል' ብላችሁ በጽሑፍ ካሳወቃችሁ፣ የመጋዘኑ ጥያቄ የዛሬ ዓመት ቢመጣ እንኳ በዚህ ውል ይያዛል። ዝም ካላችሁ አሮጌውም አዲሱም አይሸፍናችሁም።"

"በዚህ ውል ጣሪያው ስንት ነው?" አለች ሚስትየው፤ እያወቀችው።

"አሥራ አምስት። የጠበቃው ወጪ ከውስጡ ነው።"

"የቀረውስ?"

"ተከራክራችሁ ካላስቀነሳችሁት ከናንተ ነው።"

ሚስትየው መነጽሯን አወለቀች። ለሒሳብ ሰው ሃያ ስምንት ነጥብ ስድስት ቃል አይደለም፤ ቤት ነው፣ መኪና ነው፣ የልጆች ትምህርት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሚሽን የሚለው ቃል ከአፏ ጠፋ።

ማሳወቂያውን እዚያው ጻፉት። ወጣቱ ያየውን ብቻ ተናገረ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዳይጽፉ እሷ ከለከለቻቸው፤ መድን ሰጪው ሳይፈቅድ ጥፋት ማመን ራሱ ውሉን ይጎዳል። ለመጋዘኑ ባለቤትም ምንም ቃል እንዳይገቡ አስጠነቀቀች። ወጣቱ ፈርሞ ወረቀቱን ወደ ኮንክሪት ገፋው።

ኮንክሪት ብዕሩን አነሳ። ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፤ እነዚያ ጣቶች ደብተሯን የለበዱላት ናቸው። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል፤ ቁጣው ግን አልበረደም።

"አምና አርባ ብለሽ ነበር።"

"ብዬ ነበር።"

"አርባ ብንገዛ ኖሮ ዛሬ የሚጎድለን አራት አይሞላም ነበር።"

"ጠበቃውን ሳንቆጥር፣ አዎ።"

"ታዲያ ለምን እንደዛሬው አልጮኽሽብኝም? ታውቂ ነበር! ቁጭ ብለሽ ከእኔ ጋር ሳቅሽ! አርባን አስረድተሽ ማሳመን ያንቺ ሥራ ነበር እንጂ የእኔ ነው? ለባዕድ ቢሆን እንዲህ ታደርጊ ነበር?"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ፤ የሳቀውም፣ እምቢ ያለውም እሱ ነበር። ይህን ልትለው አፏ ድረስ መጣ። ግን የመጨረሻው ጥያቄው እውነት ነበር፤ እንደ ሚስማር ገባባት።

"ለባዕድ ቢሆን አላደርገውም ነበር" አለች። "ወንድሜ ስለሆንክ ነው።"

ኮንክሪት ፈረመ። ወረቀቱን በእጇ አልሰጣትም፤ ጠረጴዛው ላይ ትቶላት ወጣ።