ለማላውቃቸው ባለመድኃኒት ቤት የጻፍኩት

ከወልዲያ በኩል ከባድ መሣሪያ ባጓራ ቁጥር የመርሳ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። የጎረቤታችን የእትዬ ዓቢዳ ልጅ ነኢማ ስኳር በሽታ አለባት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ኢንሱሊኗ ከነገ ጠዋት አያልፍም። ጤና ጣቢያውም አልቆበታል።

በደሴና በመርሳ መካከል የሚመላለሰው ሹፌር ሞላ ከደሴ ደወለ። «አቶ ሮቤል የሚባሉ ባለመድኃኒት ቤት ጋ አይጠፋም አሉኝ። ሱቁ ግን ዝግ ነው፤ በሩ ላይ የለጠፉትን ቁጥር ብደውል አያነሱም። ስምንት ሰዓት ላይ እነሣለሁ። ቁጥሩን እልክልሃለሁ፤ አንተ ጸሐፊው፣ እስቲ ጻፍላቸው!»

ጻፍኩ። የቤተሰባቸውን ደኅንነት ጠየቅኩ፤ ጉም ስለዋጠው ተራራ፣ ወፎቹ ጥለውት ስለሄዱት ሰማይ፣ ስለ ነኢማ ዓይኖች ጻፍኩ። ኢንሱሊን የሚለው ቃል መጨረሻው አካባቢ አንዴ ነበር። ሳነብላቸው እትዬ ዓቢዳ አለቀሱ። ደስ አለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ላክሁት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «አይዟችሁ። እኛም እየጸለይንላችሁ ነው።»

«ይኸው ነው?» አሉ እትዬ ዓቢዳ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ታደለች ስልኬን ነጥቃ አነበበች። «ዓሪፍ፣ ይሄ ለቅሶ ነው እኮ! ሰውየው ምን ያድርጉ? የትኛውን፣ ስንት፣ ለማን፣ እስከ ስንት ሰዓት?»

«ሰላምታ ሳንል? ባለጌ ይሉናል» አሉ እትዬ ዓቢዳ።

«ይበሉን እትዬ! ሰላምታውን ነኢማ ራሷ ሄዳ ታደርስልናለች።»

ስድስት ተኩል ሆኗል። መሣሪያው ደግሞ ጮኸ፤ ጣቴ ፊደል ይስታል። ተራራውን አጠፋሁ። ወፎቹን አጠፋሁ። ዓይኖቿ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«እሱንም» አለች ሲስተር። «ዕድሜዋን ግን እንዳትነካ።»

የቀረው ይኼ ነው፦

«መርሳ ያለች የ11 ዓመት ልጅ ኢንሱሊኗ ነገ ጠዋት ያልቃል። እባክዎ ሁለት ብልቃጥ ኤንፒኤች ኢንሱሊን ዛሬ እስከ 8 ሰዓት ደሴ መናኸሪያ ላለው ሹፌር ለሞላ ይስጡልን፤ ሂሳቡን እሱ ይከፍላል፣ ስልኩም ከታች አለ። እንደሚችሉ ወይም እንደማይችሉ አሁኑኑ ይመልሱልን።»

ከሥሩ የሞላን ቁጥር ጻፍኩና ላክሁ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ፤ እንዲህ ደረቅ አድርጌ ለሰው ጽፌ አላውቅም።

መልሳቸው መጣ፦ «እችላለሁ። ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ መናኸሪያ እየሄድኩ ነው።»

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ስምንት ሰዓት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ከሲሪንቃ የሚሸሸው ሰው መንገዱን ሞልቶ ወደ ውርጌሳ ይጎርፋል፤ ከደሴ በኩል ወደ እኛ ግን ማንም አይመጣም። እትዬ ዓቢዳ ዱዓቸውን ትተው እጄን ብቻ ጨብጠው ይዘዋል።

አሥራ አንድ ሲል የሞላ መኪና በሰው መሐል ጥሩምባውን እየነፋ ብቅ አለ። በረዶ ያለበት ፔርሙስ በመስኮት አቀበለን። ሲስተር ብልቃጡን ወደ ብርሃን ያዘችው። «ወር ገደማ ያደርሳታል።»

«ኋላ ታነቡታላችሁ፣ ግቡ!» አለ ሞላ። መኪናውን ወደ ውርጌሳ አዞረ እንጂ ሞተሩን አላጠፋም።

እትዬ ዓቢዳና ነኢማ ጋቢና ገቡ፣ እኔና ሲስተር ከኋላ ተንጠለጠልን። ውርጌሳ እስክንደርስ ለአቶ ሮቤል «ደርሶናል» የምትል አንዲት ቃል ደጋግሜ ላክሁ። አልሄድም አለች።