ስልኩ እስኪጮህ

ፋርማሲስቷ እስክሪብቶውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። የክትባት መጋዘኑ የርክክብ ዕቅድ ምንም አልጎደለውም፤ የዕለት ሥራው ተዘርዝሯል፣ የጄኔሬተር ጠጋኙና የአቅራቢው ስልክ አለ፣ ባልተጠናቀቀ ሥራ ሥር የሦስተኛው ማቀዝቀዣ የበር ጎማ መላላቱና አዲሱ መታዘዙ ሰፍሯል። ስለ ይለፍ ቃል የተጻፈው አጭር ነው፦ «አይጻፍም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የለቃቂው የኮምፒውተር መግቢያ ይዘጋል፣ ለተረካቢዋ የራሷ ይከፈታል።»

ከፈረመች ግን ክትባቱ ሁሉ በእሷ ጫንቃ ላይ ነው። ሞቆ የተበላሸ ክትባት ደግሞ ሲያዩት ደህናውን ይመስላል፤ ሕፃን ከተወጋው በኋላ ማን ይመልሰዋል?

«ምነው ልጄ፣ ፍርድ ቤት ያቀረብኩሽ አስመሰልሽው!» አሉ ጡረታ የሚወጡት የመጋዘኑ ኃላፊ።

«ጋሼ፣ ሌሊት ቢሞቅ ማን ይነግረኛል?»

«ማንቂያው በስልክ ይደውላል። ስንት ዓመት ሲቀሰቅሰኝ ኖረ! ባለቤቴ ‹ጣውንቴ› ነው የምትለው።»

«እስኪ አሁን ይደውል።»

ፊታቸው ጠቆረ። «አላመንሽኝም ማለት ነው?»

«እርስዎንማ አምናለሁ። የፈራሁት ስልኩን ነው።»

እያጉረመረሙ የሙቀት መለኪያውን ጫፍ ከአንዱ ማቀዝቀዣ አውጥተው በሩን ዘጉ፤ ጫፉን በመዳፋቸው ጨበጡት። በሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ከአምስት ዲግሪ ተነስቶ የክትባቱ ጣሪያ የሆነውን ስምንትን አለፈ። ቀይ መብራት በራ።

«በር በተከፈተ ቁጥር እንዳይጮህ አሥር ደቂቃ ይታገሣል» አሉ።

ሁለቱ ስልኮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አሥር ደቂቃው አለፈ። ሌላ አሥር ተጨመረ። የእሷም የእሳቸውም ጭጭ።

«ኔትወርክ ይሆናል» አሉ ጋሼ።

እሷ ለኮምፒውተር ክፍል ደወለች።

«የጋሼን መግቢያ ትናንት ማታ ዘጋሁት፤ ዕቅዱ እንደሚለው» አለ ባለሙያው።

«የማንቂያው ተቀባይስ?»

ኪቦርድ ሲመታ ተሰማ። «ለካ በእሳቸው መግቢያ ነበር የተመዘገበው፤ አብሮ ተዘግቷል።»

ሌሊቱን ሙሉ ማንቂያው የሚጠራው ሰው አልነበረም ማለት ነው። ጋሼ ቀድመዋት ጎማው ወደላላው ማቀዝቀዣ ሮጡ። የሌሊቱን የሙቀት መዝገብ ከፈቱት፤ መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ፣ ወጥቶ፣ ሰባት ተኩል ዲግሪ ላይ ቆሞ ወርዷል።

«ለጥቂት!» አሉ፤ ግድግዳውን ተደገፉ። «ለጥቂት ተረፍን፣ ልጄ።»

ባለሙያው የእሷን ቁጥር መዘገበ፤ ምናልባት ብታመም ብላ የክትባት ክፍሏን ነርስ ቁጥርም አስጨመረች። እንደገና መለኪያውን ጨብጠው ጠበቁ። ስልኩ ሲጮህ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች።

ጋሼ በዕቅዱ ላይ በእጃቸው ጨመሩበት፦ «አዲሱ ተቀባይ ተመዝግቦ፣ ስልኩ ጮኾ ሳይሰማ የለቃቂው መግቢያ አይዘጋ።» ያኔ ፈረመች።

«ለባለቤቴ ጣውንትሽን ዳርኳት እላታለሁ» ብለው ኮፍያቸውን አነሱ።

ሳቀች። ደረጃው ላይ ግን ስልኳን አውጥታ ድምፁን አየች፤ ሙሉ ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ደግማ አየችው።